ለደንበኛ ስታሳዪ የማትነኪው ቁልፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስድስት ዓመት በሴልስ ሠርቻለሁ። የምሸጠው ለሱቆችና ለፋርማሲዎች የሽያጭና የስቶክ ሶፍትዌር ነው። አሁን ወደ ሶፍትዌር ቴስቲንግ መግባት እፈልጋለሁ። የሦስት ወር ኮርስም ጨርሻለሁ። ወደ ሃያ ቦታ ሲቪ ልኬ አንድም የጠራኝ የለም። ሲቪዬ ላይ የጻፍኩት «ጥሩ ተግባቢ፣ ታርጌት የማሳካ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚል ነው። የሴልስ ልምዴን ልደብቀው ወይስ እንዳለ ልተወው? ከተውኩትስ እንዴት ብዬ ልጻፈው? (እህታችሁ ከአዲስ አበባ)

ምላሽ፦

እህቴ፣ አትደብቂው። አሁን የተጻፈበት አኳኋን ግን ከመደበቅ አይሻልም።

እኔ የቴስቲንግ ቡድን እመራለሁ። ለጀማሪ ቦታ የሚመጡትን ሲቪዎች የማነበውም እኔ ነኝ። «ጥሩ ተግባቢ» የሚለውን ዓይኔ ዘሎት ያልፋል፤ ሁሉም ሲቪ ላይ አለና። «ታርጌት አሳካለሁ» የሚለው ደግሞ ጎበዝ ሻጭ መሆንሽን ይነግረኛል እንጂ ስለ ቴስተርነትሽ ምንም አይለኝም። እኔ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። ይህች ሰው ስህተት ማግኘት ትችላለች? ያገኘችውን ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው አድርጋ መጻፍ ትችላለች? ጊዜ ሲያጥርስ የቱን ቀድማ እንደምትፈትሽ ታውቃለች? በስድስት ዓመት ውስጥ ከሦስቱም ጋር ተገናኝተሻል። ግን በሴልስ ስም ስለሠራሻቸው ቴስቲንግ መሆናቸው አልታየሽም።

ከዴሞ እንጀምር። ደንበኛ ፊት ላፕቶፕ ከፍተሽ ሲስተሙን ስታሳዪ የለመድሽው መንገድ አለ። ዕቃ ትመዘግቢያለሽ፣ ትሸጫለሽ፣ ደረሰኝ ታወጫለሽ፣ የዕለቱን ሪፖርት ትከፍቻለሽ። የማትነኪያቸው ቁልፎችም አሉ። ለምሳሌ የአንድ ዓመት ሪፖርት አትከፍቺም፤ ይንቀራፈፋላ። የተሸጠ ዕቃ ሲመለስ ምን እንደሚሆን አታሳዪም፤ ስቶኩ አንዳንዴ አይስተካከልም። ደንበኛው ራሱ መዳፊቱን ይዞ «እስቲ እኔ ልሞክረው» ሲል ልብሽ ትንሽ ይደነግጣል። ሶፍትዌር ሸጦ ይህን የማያውቅ ሰው የለም።

ያ የማትነኪው ዝርዝር ለእኔ ከኮርስ ሰርተፊኬትሽ ይበልጣል። ያ የለመድሽው ቀጥ ያለ መንገድ በእኛ ቤት «ሃፒ ፓዝ» ይባላል። እሱን ዲቨሎፐሩም ሞክሮታል። ቴስተር ውሎው ከዚያ ውጭ ነው፦ የተመለሰ ዕቃ፣ የተቆራረጠ ኔትወርክ፣ ሁለት ካሸሮች በአንድ ጊዜ የሸጡት አንድ የቀረ ዕቃ። ወረቀት አውጪና ዴሞ ስታደርጊ የምትሸሺያቸውን ቦታዎች በሙሉ ጻፊያቸው። ከእያንዳንዱ ጎን ለምን እንደምትሸሺው ጨምሪ። ኢንተርቪው ላይ «ይህን ሲስተም ብትፈትሺ ከየት ትጀምሪያለሽ?» ስትባይ መልስሽ እዚያ ወረቀት ላይ ነው ያለው።

ቀጥሎ ቴሌግራምሽን ክፈቺ። ከቴክኒክ ሰዎች ጋር የተጻጻፍሽውን ወደ ኋላ እያልሽ እዪ። ደንበኛ ደውሎልሽ አንቺ ለእነሱ ያስተላለፍሻቸው ቅሬታዎች አሉ። አምስቱን ምረጪ። ከዚያ አንዱን ይዘሽ እስከ መጨረሻው ሥሪው። እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ።

አንድ የሱቅ ባለቤት ደውሎ «ማሽናችሁ ሂሳብ ያበዛል» አለሽ እንበል። አንቺም ቸኩለሽ ለቴክኒክ ክፍል «ሲስተሙ ሂሳብ እያሳሳተ ነው፣ ደንበኛው ተቆጥቷል፣ ቶሎ አስተካክሉ» ብለሽ ላክሽ። ዲቨሎፐሩ ሞከረና «እኔ ጋር ይሠራል» ብሎ መለሰ። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። እሱ የሞከረው ቅናሽ የሌለበትን ሽያጭ ነው። ባለሱቁ ደግሞ በዚያ ሳምንት ለበዓል አሥር በመቶ ቅናሽ አውጥቷል።

አሁን እንደ ቴስተር እንየው። ከቫት በፊት 1,000 ብር የሆነ አንድ ዕቃ ውሰጂ። ያለ ቅናሽ ሸጪው፦ ቫቱ 15 በመቶ ነው፣ 150 ብር። ድምሩ 1,150፣ ልክ ነው። ቀጥሎ የ100 ብር ቅናሽ በብር ጽፈሽ ሸጪው፦ 900 ላይ ቫቱ 135፣ ድምሩ 1,035። ይህም ልክ ነው። በመጨረሻ ያንኑ ቅናሽ በመቶኛ፣ 10 ብለሽ ጻፊ። ድምሩ 1,050 መጣ። ቅናሹ ተቀንሷል፣ ቫቱ ግን በድሮው 1,000 ላይ ተሰልቶ 150 ሆኗል። የ15 ብር ልዩነት። አየሽ፣ ሦስት ሽያጭ ብቻ ነው የሞከርሽው። በየሙከራው የቀየርሽው አንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ የት እንዳለ ጠበበ። ችግሩ «ሂሳብ» አይደለም፣ ቅናሽም አይደለም። በመቶኛ የተሰጠ ቅናሽ ነው።

አሁን ለዲቨሎፐሩ የምትጽፊው እንዲህ ይሆናል፦

ርዕስ፦ ቅናሽ በመቶኛ ሲሰጥ ቫት የሚሰላው ከቅናሽ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ነው።
እርምጃዎች፦ 1. ዋጋው 1,000 ብር የሆነ ዕቃ ጨምር። 2. ቅናሽ 10 በመቶ አስገባ። 3. ድምሩን እይ።
መሆን ያለበት፦ ቫት 135፣ ድምር 1,035።
የሆነው፦ ቫት 150፣ ድምር 1,050።
ማስታወሻ፦ ያንኑ ቅናሽ በብር (100) ስናስገባው ልክ ይመጣል። ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ሦስቱንም ጊዜ ሆኗል።

ይህ ባግ ሪፖርት ነው። አብዛኛው ቡድን የሚጽፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንቺም በእንግሊዝኛ ተለማመጂው፤ ቅርጹ ያው ነው። «ደንበኛው ተቆጥቷል» የሚለው እንዳልተካተተ ልብ በዪ። ቁጣው ስህተቱ የት እንዳለ አይናገርም። ጀማሪዎችን በጣም የሚፈትናቸው «መሆን ያለበት» የሚለው መስመር ነው። መነሻው «እኔ እንደሚመስለኝ» ከሆነ ክርክር ይነሳል። ከሲስተሙ የጽሑፍ መስፈርት፣ ከታክስ ደንብ ወይም ከደንበኛው ውል የመጣ መሆን አለበት። የዚህ ሲስተም መስፈርት ቫት የሚሰላው ከቅናሽ በኋላ ነው ካለ፣ ያንን አንቀጽ ጠቅሰሽ ታያይዢዋለሽ።

አሁን ወደ ሲቪሽ እንመለስ። «ጥሩ ተግባቢ» የሚለውን አውጪና በቦታው ይህን ዓይነት ነገር አስገቢ፦ «ከሱቅ ደንበኞች የሚመጡ የሲስተም ቅሬታዎችን ራሴ ደግሜ እየሞከርኩ፣ የሚከሰቱበትን ሁኔታ ለይቼ ለቴክኒክ ክፍል በጽሑፍ አሳውቅ ነበር። ለምሳሌ በመቶኛ ቅናሽ ሲሰጥ ብቻ የሚከሰት የቫት ስሌት ስህተት።» «ታርጌት አሳካለሁ» የሚለውን ደግሞ አሳጥረሽ በአንድ መስመር ተዪው፤ ሥራሽን በትጋት እንደሠራሽ ያሳያልና አይጎዳም። ሥልጠና ሰጥተሽ ከሆነ ግን እሱን አስፊው። አዲስ ካሸሮችን ሲስተሙን ስታስተምሪ የት የት እንደሚሳሳቱ አይተሻል። «ካሸሮች ‹ሰርዝ› እና ‹መልስ› የሚሉትን ቁልፎች እያምታቱ ሲቸገሩ አይቼ የስያሜ ለውጥ ጠይቄያለሁ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ካየሁ ስልኩን አነሳለሁ።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርሽ። ያላደረግሽውን አትጻፊ። ቅሬታውን በስልክ ብቻ አስተላልፈሽ ከሆነ «ለይቼ በጽሑፍ አሳውቄያለሁ» አትበዪ። እኔ ሦስተኛ ጥያቄ ላይ «በየትኛው ዋጋ ነው የሞከርሽው?» እላለሁ፣ እዚያ ላይ ይፈርሳል። የጠፋው እምነት ደግሞ በዚያ ቀን አይመለስም። አሁንም ሥራሽ ላይ ካለሽ መንገዱ ቀላል ነው፦ ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣልሽን ቅሬታ በዚህ መልክ ሥሪው። በሁለት ወር ውስጥ እውነተኛ የሆነ ነገር ይኖርሻል። የደንበኛ ስም፣ የሽያጭ መረጃ ወይም የድርጅትሽን ስክሪን ግን ለሌላ ቀጣሪ አታሳዪ። ምስጢር የማይጠብቅ ቴስተር ማንም አይፈልግም።

ታዲያ ኢንተርቪው ላይ ምን ይዤ ልቅረብ ካልሽ፣ ለልምምድ ተብሎ በተሠራ ገጽ ላይ ሥሪ። https://www.saucedemo.com የሚባል የውሸት ሱቅ አለ። ሆን ተብሎ ስህተት የተጨመረበት መግቢያ አለው። ስሙ problem_user ነው፣ የይለፍ ቃሉ secret_sauce። ስትገቢ ዕቃዎቹ ሁሉ ተመሳሳይ ፎቶ ይዘው ታያቸዋለሽ። ዕቃ መርጠሽ ወደ ክፍያው ስትሄጂ ደግሞ Last Name የሚለው ቦታ ላይ የጻፍሽው ወደ First Name ይሄዳል፣ ግዢውንም መጨረስ አትችይም።

ሁለቱንም መዝግቢያቸው። ከዚያ የቱ ቀድሞ ይስተካከል ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። እዚህ ላይ ከኮምፒውተር ሳይንስ ከመጣ ልጅ ትበልጫለሽ። ፎቶው ዓይን ላይ ቶሎ ይታያል፣ ያሳፍራልም። ስሙ ግን ገንዘቡን በር ላይ ያቆመዋል፤ ማንም መግዛት አይችልም። እኛ የስህተቱን ክብደትና የሚሰጠውን ቅድሚያ ለየብቻ እንጽፋለን። ክብደት ሲስተሙ ምን ያህል ተጎዳ ነው። ቅድሚያ ደግሞ ለሥራው ምን ያህል ይቸኩላል ነው። ቅድሚያውን ለመገመት ደንበኛው ምን ሲሆን ጥሎ እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል። አንቺ ይህንን በየቀኑ እያየሽ ኖረሻል፤ «ፎቶውን ገዢው ይታገሰዋል፣ ግዢ መጨረስ አለመቻሉን ግን አይታገስም» ብለሽ ምክንያትሽን በአንድ መስመር ጻፊ።

የእኛን አገር ደንበኛ ማወቅሽም ሙያ ነው፣ እንደ ሙያ ጻፊው። ከውጭ የመጣ ፎርም የአባት ስምን እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥሮ ባልና ሚስት አንድ ስም ካልያዙ አልመዘግብም ሊል ይችላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2022 እንደ ፈረንጆቹ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ በ07 የሚጀምር ቁጥር አለ። በ09 ብቻ የሚያምን አሮጌ ፎርም ግን ይህን ደንበኛ ከበር ይመልሰዋል። ቀኑንም እዪው። ጳጉሜ 5 ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ትሆናለች። ስለዚህ ሲስተሙ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን መቀበል አለበት፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2016ን ግን መመለስ አለበት። ጳጉሜ 7ን ምንጊዜም አይቀበልም። ድንበሩ ላይ፣ ከድንበሩ በታችና በላይ ያለውን መሞከር ኮርስሽ ላይ ባውንደሪ ቫልዩ ተብሎ የተማርሽው ነው። በ1 እና በ100 ቁጥሮች ከምትደግሚው በጳጉሜ ብታስረጂኝ የገባሽ መሆኑን ወዲያው አውቃለሁ።

ከሴልስ ይዘሽው የምትመጪ፣ መተው ያለብሽ ልማድም አለ። አንዱ ማለሳለስ ነው። ደንበኛ ፊት «ትንሽ ነገር ናት፣ በቅርቡ ትስተካከላለች» ማለት ለምደሻል። ሪፖርት ላይ ግን «ትንሽ» የሚባል መጠን የለም። ስንት ጊዜ ሞክረሽ ስንት ጊዜ ሆነ? ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ቶሎ እንዲሠራልሽ ማጋነን። «ሲስተሙ ጨርሶ ተበላሽቷል» ብለሽ ልከሽ አንድ ቁልፍ ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ቀጣዩን ሪፖርትሽን ዲቨሎፐሩ በግማሽ ልብ ነው የሚያነበው። ሦስተኛው ከበድ ይላል። ሲስተሙ ነገ ይወጣል ተብሎ ሁሉም ሲጣደፍ «ይሂድ፣ ደህና ነው» ማለት ለሻጭ ቀላል ነው። ቴስተር ያኔ የምትናገረው የፈተሸችውን፣ ያልፈተሸችውንና የቀሩትን ስህተቶች ነው። ይውጣ አይውጣ የሚለውን የሚወስነው ኃላፊው ነው።

ኢንተርቪው ላይ ሁለት ጥያቄ አይቀርልሽም። የመጀመሪያው «ሴልስን ለምን ትተሽ መጣሽ?» ነው። «የታርጌት ጫና ሰለቸኝ» አትበዪ። እኛም ጋ ጫና አለ። እውነቱ እሱ ብቻ ከሆነም ቆም ብለሽ አስቢበት። «ደንበኛ ጋ ከደረሰ በኋላ ያየሁትን ስህተት ከመድረሱ በፊት ባገኘው ብዬ ነው» ብለሽ አንዱን ታሪክሽን አስከትዪ። ሁለተኛው «ይህን የመግቢያ ገጽ እንዴት ትፈትሺዋለሽ?» ነው። ከሴልስ የመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ ዝም ማለት ስለማይወዱ ወዲያው መዘርዘር ይጀምራሉ። አንቺ ግን ደንበኛ ምን እንደሚፈልግ ሳትጠይቂ ዕቃ አውጥተሽ አታውቂም። እዚህም ጠይቂ። የሚጠቀመው ማነው? በስልክ ነው በኮምፒውተር? ስንት ጊዜ ከተሳሳተ ነው የሚቆለፈው? ሁለት ሰው በአንድ አካውንት መግባት ይችላል? ሦስት አራት ጥያቄ ከጠየቅሽ በኋላ መልስ ብትሰጪ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል።

የሚጎድልሽንም ልንገርሽ። ዳታቤዝ ውስጥ ገብተሽ ማየት መቻል አለብሽ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርና የተቀመጠው ቁጥር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ያንን የቫት ስህተት ከደረሰኝ ደረሰኝ እያየሽ ከምትለቅሚ እንዲህ ብለሽ በአንዴ ታወጪዋለሽ፦

```sql
SELECT id, subtotal, discount, vat, total
FROM sales
WHERE discount > 0
  AND ABS(vat - (subtotal - discount) * 0.15) > 0.01;
```

ቅናሽ ካለባቸው ሽያጮች ውስጥ ቫታቸው ከሚገባው ከአንድ ሳንቲም በላይ የራቀውን አምጣልኝ ማለት ነው። እዚህ discount በብር የተቀመጠ ነው። የአንቺ ሲስተም የሠንጠረዥ ስሞች ሌላ ይሆናሉ። ዳታቤዝ የሚጠየቅበት ይህ ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል፤ ይህን ያህሉ በአንድ ወር የማታ ጥናት ይያዛል። ከዚያ ፖስትማን በሚባለው መሣሪያ ኤፒአይ መሞከርን ልመጂ፤ ኤፒአይ ሲስተሞች ያለ ስክሪን እርስ በርስ መረጃ የሚለዋወጡበት መንገድ ነው። ፕሮግራም ጽፎ መፈተሽ ይቆይልሽ፤ ምን መፈተሽ እንዳለበት ሳታውቂ ብትጀምሪው ያልጠቀመውን ነገር በፍጥነት መደጋገም ይሆናል።

አይኤስቲኪውቢ የሚባለውን የቴስተሮች የመጀመሪያ ደረጃ ፈተና ልውሰድ ወይ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አርባ ጥያቄ በስልሳ ደቂቃ ነው፣ ለማለፍ 26 ማግኘት አለብሽ። ፈተናው በአፍ መፍቻ ቋንቋሽ ካልሆነ 25 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ይሰጣል። ሙያው የሚነጋገርበትን ቃል ያስይዝሻል፣ አንዳንድ ቀጣሪም ይጠይቀዋል። ግን ገንዘብሽ አንዱን ብቻ የሚችል ከሆነ መጀመሪያ አምስቱን ባግ ሪፖርት አሳምሪ።

ስለ ደመወዝም ልንገርሽ። አሁን የምታገኚው መነሻ ደመወዝና ኮሚሽን ነው። ጀማሪ ቴስተር ኮሚሽን የለውም። የአንድ ዓመት ጠቅላላ ገቢሽን ለ12 ወር አካፍይና ከሚቀርብልሽ ጋር አስተያዪ። ልዩነቱን ስንት ወር መሸከም እንደምትችይ ከቤተሰብሽ ጋር ተነጋገሪ። ለዚህ ነው መጀመሪያ አሁን ያለሽበትን ድርጅት እንድታንኳኪ የምመክርሽ። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ደንበኛ ጋ ከመድረሱ በፊት በሳምንት ግማሽ ቀን ልሞክርላችሁ ብለሽ ለቴክኒክ ኃላፊው አቅርቢ። ሲስተሙን ታውቂዋለሽ፣ ደንበኛውን ታውቂዋለሽ፣ ደመወዝሽም አይነካም። እሺ ካሉሽ ሲቪሽ ላይ የምትጽፊው የሴልስ ልምድ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የሳፖርት ክፍል ቦታ ከተከፈተም አትናቂው፤ ብዙ ጥሩ ቴስተር ያየሁት ከዚያ መጥቶ ነው።

በመጨረሻ ምስክር ሁኑኝ የምትያቸውን ሰዎች ቀይሪ። የሴልስ ማናጀርሽ ስለ ታርጌትሽ ነው የሚነግረኝ። እኔ መስማት የምፈልገው ቅሬታዎችሽን ሲቀበል የነበረውን ዲቨሎፐር ነው። ዛሬ ደውይለትና «የላክሁልህ ነገር ይገባህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። «አዎ፣ ያንቺን አንብቤ ራሴ ደግሜ አየው ነበር» ካለሽ ስሙን ጻፊ። «አይ፣ ሁልጊዜ መልሼ እደውል ነበር» ካለሽ ደግሞ ምን እንደጎደለ ይንገርሽና የሚቀጥለውን በዚያ መሠረት ጽፈሽ ላኪለት።